ፕሮፖዛላችሁን በደንበኛው ቃል ጀምሩ

ከመጀመሪያው ስብሰባ በኋላ ፕሮፖዛል ልታቀርቡ ስትመለሱ የድርጅታችሁን ታሪክ አታስቀድሙ። ኋላ ላይ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ስላይድ ደንበኛው ባለፈው የነገራችሁ ችግር ይሁን፣ በራሱ አነጋገር።

እንበል መርካቶ ላለ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ የስቶክ መቆጣጠሪያ ሲስተም ልትሸጡ ነው። ባለቤቱ «ዕቃ ማለቁን የማውቀው ደንበኛ ሲጠይቀኝ ነው» ብለዋችኋል። ይህችን ቃል ሳትቀይሩ ጻፏት። «የኢንቬንተሪ አስተዳደር ክፍተት» ብላችሁ ካሳመራችኋት የእሳቸው መሆኗ ይቀራል። ከሥሯ ሒሳቡን አስቀምጡ፦ በሳምንት 3 ገዢ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ከአንዱ 2,000 ብር ትርፍ ያመልጣል፣ ወሩን 4 ሳምንት ብንለው በወር 24,000 ብር። ቁጥሮቹ ከእሳቸው አፍ የወጡ መሆን አለባቸው። ያን ቀን ካልጠየቃችሁ ከቀጠሮው በፊት ደውሉ።

እዚህ ላይ ቁሙና «ያጎደልኩት አለ?» በሉ። ዝም ካሉ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር የሚወጣው ያኔ ነው፤ «እሱስ ይሁን፣ መጋዘን ያለው ልጅ ኮምፒውተር አይችልም» ይሏችኋል። እንግዲያው ሥልጠናው የመፍትሔው አካል ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ መፍትሔው፣ ለዚያ ችግር የሚያስፈልገው ብቻ። ዋጋው 180,000 ብር ከሆነ ከ24,000ው ጎን አስቀምጡት። ኪሳራው ሁሉ አይቆምም፤ ግማሹን ብቻ አስቡና «በ15 ወር ይመለሳል» በሉ። የመጨረሻው ስላይድ ላይ «አመሰግናለሁ» ሳይሆን የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀንና ማን ማን እንደሚገኝ ይጻፍ።