ሰከንድ ነው ሚሊሰከንድ? አሃዞቹን ቁጠሩ

በጃቫስክሪፕት `Date.now()` የሚመልሰው ሚሊሰከንድ ነው። የመግቢያ ቶክን (ጄደብልዩቲ) `exp` ግን ሰከንድ ይጠብቃል። ሁለቱን በቀጥታ ካገናኛችሁ ምንም ስህተት አይታይም፤ ቶክኑ ይሠራል፣ ፈተናውም ያልፋል። በአንድ ሰዓት ማብቃት የነበረበት ቶክን ግን የሚያበቃው ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የተሰረቀ ቶክን እንዲህ ክፍት ሆኖ መቅረቱ በጣም ያሳስበኛል።

ስለዚህ ቁጥሩን አትሙትና አሃዞቹን ቁጠሩ። የዛሬ ቀን በሰከንድ 10 አሃዝ፣ በሚሊሰከንድ 13 አሃዝ አለው። ሁለቱም ከጥር 1 ቀን 1970 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ ስለሚቆጠሩ ልዩነታቸው ሁልጊዜ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ ይህ ነው፦

```
const exp = Math.floor(Date.now() / 1000) + 3600;
```

ስህተቱ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም ሰከንድ ለ`new Date()` ከተሰጠ፣ የዘንድሮው ቀን ጥር 1970 ሆኖ ይወጣል። ይህን ቀን ስክሪን ላይ ካያችሁ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት በ1000 አባዙ።

ቆጠራው ለቆይታ ጊዜ አይሠራም፤ 5000 አምስት ሺህ ሰከንድም አምስት ሰከንድም ሊሆን ይችላል። እዚያ አሃዱን በስሙ ላይ ጻፉ፦ `timeoutMs`። እንደ አውሮፓውያን ከመስከረም 2001 በፊት ላሉ ቀኖች፣ ለምሳሌ ለልደት ቀን፣ የአሃዙ ብዛት ስለሚያንስ በቆጠራው አትመኑ።