ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ከፋፍለው ሲከፍሉ፦ ማስረጃ እንዴት ይያዛል? ደረሰኙስ እንዴት ይነበባል?

ከአንድ ቤት ልንወጣ ሻንጣ ስናዘጋጅ አከራያችን መጡና "ልጄ፣ የጥር አምስት ሺህ እኮ አልገባም" አሉኝ። ደነገጥኩ። ከፍያለሁ። ስልኬን አውጥቼ ደረሰኞቹን አሳየኋቸው። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው ካዩ በኋላ "ይሄ የጥር መሆኑን በምን አወቅሽ?" አሉ። መልስ አልነበረኝም። ደረሰኙ ላይ "ጥር" የሚል ቃል የለም።

ሴትየዋ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገሩ እንዲህ ነው። ኪራዩ በወር 12,000 ብር ነው። ያን ወር እጅ አጥሮኝ ስለነበር ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. 7,000 ብር ከንግድ ባንክ ሂሳቤ ላክሁ። የቀረውን 5,000 ጥር 20 እህቴ ከራሷ ቴሌብር ላከችልኝ። ሁለቱም የገባው አከራያችን ሂሳብ ነው። ግን አምስት ሺው የመጣው በማያውቁት ስም ነው። ልጃቸውም በየጊዜው ገንዘብ ይልክላቸዋል። ከዚያ ጋር ቀላቀሉት። ጉዳዩ እስኪጣራ ሁለት ሳምንት ፈጀ። እስከዚያ ቅድሚያ የከፈልነው ገንዘብ ተይዞብን ቆየ።

ያኔ የገባኝን ነው የምጽፈው። የባንክ ደረሰኝ የሚያረጋግጠው ገንዘብ ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ መሄዱን ነው። ለምን እንደሄደ አያረጋግጥም። ይህን ሁለተኛውን ነገር ማስረጃ ማድረግ የከፋዩ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ደረሰኙን እንክፈተው

ከንግድ ባንክ ገንዘብ ሲልኩ በሚመጣው አጭር መልእክት ውስጥ ሊንክ አለ። ሲከፍቱት አንድ ገጽ ደረሰኝ ይወጣል። ቀስ ብለው ያንብቡት።

የከፋይና የተቀባይ ስም አለ። የሂሳብ ቁጥሮቹ በከፊል በኮከብ ተሸፍነዋል። የተቀባዩ ስም ከውልዎ ላይ ካለው አከራይ ስም ጋር አንድ ነው? ብዙ ጊዜ አይደለም። የባለቤት፣ የልጅ፣ የወንድም ሂሳብ ይሰጣል። ይህ በራሱ ችግር የለውም። ነገር ግን "ኪራዩ በዚህ ሂሳብ ይግባ" የሚል ነገር በጽሑፍ ከሌለ፣ ደረሰኙ የሚለው ለሌላ ሰው ገንዘብ መላክዎን ብቻ ነው። ውሉ ላይ የሂሳብ ቁጥሩን ማስገባት ነው የሚሻለው። ውሉ ቀድሞ ከተፈረመ ደግሞ አከራዩ በቴሌግራም ወይም በቴክስት የላኩልዎትን የሂሳብ ቁጥር አያጥፉት።

"Transferred Amount" የሚለው ለተቀባዩ የደረሰው ነው። "Total amount debited" የሚለው የባንኩ የአገልግሎት ክፍያና የእሱ ቫት ተጨምሮበት ከእርስዎ ሂሳብ የወጣው ነው። ሲደምሩ መጀመሪያ ያልኩትን ብቻ ይደምሩ። ደረሰኙ ላይ ቫት የሚል ቃል ስላለ "አከራዬ ደረሰኝ ቆርጦልኛል" ብለው የሚያስቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቫቱ ባንኩ ለሰጠው አገልግሎት ነው። ደረሰኙ የባንኩ እንጂ የአከራዩ አይደለም።

"Reason" የሚል መስመርም አለ። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመን እሱ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይወቁ። እዚያ ላይ የሚጻፈው ከፋዩ የጻፈው ነው። ባንኩ እውነት መሆኑን አያጣራም። "የጥር ኪራይ" ብለው ቢጽፉ እርስዎ ያኔ ለጥር ብለው መክፈልዎን ያሳያል። አከራዩ ለጥር ብለው መቀበላቸውን ግን አይናገርም። ቢሆንም ገንዘቡ ሲላክ አብሮ የተጻፈ ነገር፣ ጠብ ከተነሳ በኋላ ከሚነገር ቃል በብዙ ይሻላል። የእኔ ባዶ ነበር።

ቀኑ ያደናግራል

ኪራያችን በኢትዮጵያ ወር ነው። ደረሰኙ በፈረንጅ ቀን ነው። የእኔ የጥር 2 ክፍያ "1/10/2025" ይላል። አከራያችን ይህን መስከረም ወይም ጥቅምት አካባቢ የተከፈለ አድርገው ነበር ያነበቡት። እኔም ለአፍታ ተጠራጥሬ ነበር። ወሩ ይቀድማል፤ ስለዚህ ጃንዋሪ 10 ማለት ነው።

ማጣሪያው ደረሰኙ ላይ ያለው የ FT ቁጥር ነው። ከ FT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱ ናቸው። ከዚያ ያሉት ሦስቱ ከዓመቱ መጀመሪያ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። የእኔ FT25010 ብሎ ይጀምራል። የ2025 አሥረኛ ቀን፣ ጃንዋሪ 10፣ ጥር 2። ኦክቶበር 1 ቢሆን ኖሮ 274 ይል ነበር። ይህን በጣቴ እየጠቆምኩ ሳሳያቸው የመጀመሪያው ሰባት ሺህ ላይ ያለው ክርክር አበቃ።

ሰዓቱንም ይመልከቱ። 10 AM ማለት በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው።

እንዴት ይያዝ?

አንደኛ፣ ሲልኩ ምክንያቱን ሙሉ አድርገው ይጻፉ። "ኪራይ" ብቻ አይበቃም። ወሩን፣ ዓመቱንና ከፊል መሆኑን ያስገቡ፦ "የጥር 2017 ኪራይ 1ኛ ክፍያ"። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንድ በላይ ዕዳ ያለበት ከፋይ ሲከፍል የትኛውን እየከፈለ እንደሆነ የማሳወቅ መብት ይሰጠዋል። እርስዎ ዝም ካሉ ተቀባዩ ወደ አሮጌ ዕዳ ሊያዞረው ይችላል። ለመብራትና ውኃ፣ ለታኅሣሥ ቀሪ፣ ለሌላም። ስለዚህ ያቺ አጭር መስመር ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

ሁለተኛ፣ በተቻለ መጠን ከራስዎ ስም ካለው ሂሳብ ይክፈሉ። ሌላ ሰው የሚከፍልልዎ ከሆነ በዚያው ሰዓት ለአከራዩ መልእክት ይላኩ። "እማማ፣ አሁን የገባው 5,000 ብር እህቴ የላከችው የጥር ቀሪ ነው። ሲደርስዎ ይንገሩኝ።" እሺ የሚል አንድ ቃል ቢመልሱ እንኳ ከደረሰኙ የጎደለውን ይሞላል፤ የተቀባዩ ቃል ነውና። በስልክ ከተነጋገራችሁም ከዚያ በኋላ በጽሑፍ ይድገሙት።

ሦስተኛ፣ ሊንኩን ከፍተው ፒዲኤፉን ያስቀምጡ። ስክሪንሾት በቀላሉ የሚቀየር ነገር ስለሆነ ተቀባዩ ላያምነው ይችላል። ፒዲኤፉም ቢሆን ዋናው ጥቅሙ የ FT ቁጥሩን መያዙ ነው፤ በዚያ ቁጥር ክፍያው ባንክ ሄዶ ይፈለጋል። የቴሌብር መልእክትም የግብይት ቁጥርና የደረሰኝ ሊንክ አለው። ቴክስቱ ስልክ ሲቀየር ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን በወሩ ስም ይሰይሙት፦ "2017-ጥር-1ኛ-7000"። ከዚያ ለራስዎ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ይላኩት።

ቅርንጫፍ ሄደው ጥሬ ብር ካስገቡ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይቀበሉ። ያልተመታበት ወረቀት የተሞላ ፎርም ብቻ ነው። የአስገቢ ስም የሚለው ቦታ ላይ የራስዎን ስም ይጻፉ። ከማሽን የሚወጣውን ስስ ወረቀት በዚያው ቀን ፎቶ ያንሱት። ወራት ሲያልፉ ጽሑፉ ይደበዝዛል።

አራተኛው ለእኔ ዋናው ነው፦ ወሩ ሲሞላ የአከራዩን ፊርማ ያግኙ። አንድ ደብተር ይበቃል። በከፊል ሲከፍሉ እንዲህ ይጻፋል፦

"የጥር 2017 ዓ.ም. ኪራይ ከብር 12,000 ውስጥ ብር 7,000 ተቀብያለሁ። ቀሪ ብር 5,000።"

ሲጠናቀቅ ደግሞ፦

"ቀሪውን ብር 5,000 ተቀብያለሁ። የጥር 2017 ዓ.ም. ኪራይ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል።"

ቀንና ፊርማ። ይህ ከባንክ ደረሰኙ የሚለይበት ምክንያት አለ። በሕጉ መሠረት ከፍያለሁ የሚል ሰው መክፈሉን የማስረዳት ሸክም የራሱ ነው። ነገር ግን በየጊዜው በሚከፈል ዕዳ ላይ ተቀባዩ ለአንዱ ወር ያለ ምንም ማሳሰቢያ ደረሰኝ ከሰጠ፣ ያለፉት ወራት እንደተከፈሉ ይገመታል። ግምቱ በሌላ ማስረጃ ሊፈርስ ይችላል፤ ቢሆንም ሸክሙን ያዞርልዎታል። ይህ የሚሠራው ግን ተቀባዩ ራሱ በሰጠው ደረሰኝ ነው። ስለዚህ የየካቲቱ ፊርማ ጥርንም ይጠብቃል። የየካቲቱ የባንክ ደረሰኝ ግን ስለ ጥር ምንም አይልም።

አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁን፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ አስታውሱ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ያ ቅድሚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ይሸፍናል ወይስ የመጨረሻዎቹን? ውሉ ላይ ይጻፍ። ስትወጡ የሚነሳው ጥያቄ ይሄ ነው።

ትምህርት ቤት ሲሆን

እዚህ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ባንክ የሚሰጠው ነው፤ ሌላው ትምህርት ቤቱ ፋይናንስ ክፍል የሚቆርጠው። የባንኩን ይዘው ሄደው የትምህርት ቤቱን ካላስቆረጡ ገንዘቡ ሂሳባቸው ውስጥ ቢኖርም ልጅዎ ስም ላይ አልተመዘገበም ይሆናል። የወንድማማቾችን ነገር በተለይ ልብ ይበሉ። የአባትና የአያት ስም አንድ ነው፤ የሚለየው የልጁ ስም ብቻ ነው። የታላቁ ክፍያ ለታናሹ ሊመዘገብ ይችላል። ምክንያቱ ላይ የተማሪውን መለያ ቁጥር፣ ክፍሉንና ተርሙን ይጻፉ።

የትምህርት ቤቱን ደረሰኝ ሲቀበሉ ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት። የምዝገባ ነው ወይስ የወር? ትራንስፖርት ተካቷል? የተርሙን ግማሽ ከፍለው ከሆነ ቀሪው ተጽፏል? ቀሪ ካልተጻፈ "ቀሪውን ይጻፉልኝ" ይበሉ። የሚቀረው ገንዘብ ላይ መተማመኛ የምታገኙት ያኔ ነው።

ከተካደ ወይም ከተምታታ

ስልክ ላይ "ተልኳል" የሚል መልእክት የሚያሳየው የላኪውን ጎን ነው። በተለይ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ ሂሳብዎን ይዩ፤ የተመለሰ ነገር ካለ እዚያ ይታያል።

ክርክር ከተነሳ ከባንክዎ ማኅተም ያለው ስቴትመንት ያውጡ፤ ሁሉንም ወራት በአንድ ላይ። የእኔን ነገር የፈታው ግን የአከራያችን ስቴትመንት ነው። አብረን ቅርንጫፋቸው ሄድን። ጥር 20 ቀን 5,000 ብር በእህቴ ስም ገብቷል። ልጃቸው የላከው ሌላ ቀን፣ ሌላ መጠን ነው። እማማ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አሉና ያንኑ ምሽት ቅድሚያውን መለሱልን። ደብተሩ ላይም ፈረሙልኝ።