ምንም ሳይፈጠር ቤት ሲያስጠላ፦ ጫናው ነው ወይስ ትዳሩ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ 6 ስህተቶች

ማንም አልማገጠም፣ ማንም እጁን አላነሳም፣ የተደበቀ ዕዳም አልተገኘም። ሆኖም ከሥራ ወደ ቤት መመለስ ከብዷል፤ አብረው ሻይ ሲጠጡ እንኳ የባል ወይም የሚስት ድምፅ ያናድዳል። ይህን ስሜት መፍታት የሚያስቸግረው የኑሮ ጫናም ሆነ የታመመ ትዳር የሚያሳዩት ምልክት አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው፦ መነጫነጭ፣ ዝምታ፣ የመኝታ ፍላጎት መጥፋት፣ «ምናለ ብቻዬን በሆንኩ» ማለት። ምልክቱን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። የሚለየው ስሜቱ የሚመጣበት ሰዓትና አንድ ግልጽ ነገር ሲጠየቅ ከወዲያ የሚመጣው መልስ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ቤት ውስጥ ዛቻ፣ ዱላ ወይም ስልክና ገንዘብ መቆጣጠር ካለ ከዚህ በታች ያለው አይሠራም። እዚያ ቤት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደኅንነት ነው።

1. በደከመ ሰዓት መፍረድ

ሜክሲኮ ላይ በዝናብ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ፣ ምሳውን በጥድፊያ ቀምሶ ውሎ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን የሚከፍት ሰው ስለ ትዳሩ የሚሰጠው ፍርድ ስለ ትዳሩ ብዙም አይናገርም። ሊሳ ኔፍ እና ቤንጃሚን ካርኒ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አዳዲስ ተጋቢዎችን ለዓመታት ተከታትለው ያዩት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከቤት ውጭ ያለው ጫና ሲበዛ፣ ሰዎች ለአጋራቸው ጥፋት ሰበቡን ከሁኔታው ይልቅ በሰውየው ባህሪ ላይ ወደ ማድረግ ያዘነብላሉ። ጫናው ቀለል ባለበት ወቅት ሚስት «ደክሞት ነው» ብላ ያለፈችውን ነገር፣ ሲብስባት «ድሮም ግዴለሽ ነው» ትለዋለች። እሱ ያደረገው ነገር አልተለወጠም፤ የተለወጠው እሷ የምትሰጠው ትርጉም ነው።

ስለዚህ ከባዱን ጉዳይ ራት ሳይበላና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያርፉ አያንሱ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላም አይጀምሩት። ጭቅጭቅ ከተነሳና ልብዎ በኃይል መምታት ከጀመረ፣ በደቂቃ ከ100 በላይ ከሆነ፣ የሚሰማ ጆሮ አይኖርዎትም። የጥንዶችን ግንኙነት ለአሥርተ ዓመታት ያጠናው ጆን ጎትማን ቢያንስ ለ20 ደቂቃ መለያየትን ይመክራል። በእነዚያ ደቂቃዎች ክርክሩን በውስጥ መቀጠል ግን አይጠቅምም፤ ልብስ ማጠፍ ወይም ወጣ ብሎ መራመድ ይሻላል። ሲወጡም «ተመልሼ እንጨርሰዋለን» ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ካልሆነ መውጣቱ ራሱ ሌላ ኩርፊያ ይሆናል።

2. «አሁንም እወደዋለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ

ይህ ጥያቄ ሰውን ለወራት ያንከራትታል፣ ምክንያቱም መልሱ እንደ ዕለቱ ስሜት ይለዋወጣል። በምትኩ «መቼ ነው የሚከፋኝ?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያስቀምጡ። የሚያስፈልገው ለ28 ቀን በየዕለቱ ሁለት ቁጥር መመዝገብ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቤት ከመግባትዎ በፊት በሩ ላይ ቆመው ስሜትዎን ከ0 እስከ 10 የሚሰጡት ነው፤ 0 በጣም መጥፎ፣ 10 በጣም ጥሩ። ሁለተኛው አብረው አንድ ሰዓት ከቆዩ በኋላ ነው። በእረፍት ቀን ጠዋት ሲነሱና ከሰዓት በኋላ ይመዝግቡ። ከጎኑ ስንት ሰዓት እንደተኙና ምን እንደተፈጠረ በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ሴት ከሆኑ የወር አበባ ቀኖችንም ምልክት ያድርጉባቸው። ስልክ ላይ መጻፍ ይበቃል።

ከተራው ቁጥር በላይ የሚናገረው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በሩ ላይ 3 ሆነው ከአንድ ሰዓት በኋላ 5 ከደረሱ፣ መከፋቱን ከውጭ ይዘውት ገብተዋል፤ ቤቱ እንዲያውም ቀለል እያደረገልዎት ነው። በሩ ላይ 7 ሆነው በተደጋጋሚ ወደ 3 ከወረዱ ነገሩ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱም 3 ሆነው ከቀሩ ገና ምንም ማለት አይቻልም፤ ጫናው እስኪቀል መጠበቅ ግድ ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። ሚስት ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል ትሠራለች፤ ባል ስታዲየም አካባቢ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከአራት ኪሎ ጀርባ ተከራይተው ከአንድ ልጅ ጋር ይኖራሉ። እሷ ከሰኔ 17 እስከ ሐምሌ 14 መዘገበች። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢሮ የምታመሽባቸው ነበሩ፤ በሩ ላይ 3፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም 3። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ «ትዳሬ ሞቷል» ትል ነበር። ሐምሌ ከገባ በኋላ በሥራ ቀናት በሩ ላይ 6፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 7 ሆነ። በሁለቱም እሑዶች ግን ቁጥሩ ጠዋት 4 ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ወደ 2 ወረደ።

ከጎኑ ያሉትን መስመሮች ስታነብ ነገሩ ተገለጠ። በሰፈራቸው ውሃ በፈረቃ የሚለቀቀው ቅዳሜ ሌሊት ነው። 8 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲንሾካሾክ የምትሰማው እሷ ናት፤ ተነስታ ጀሪካኖቹንና በርሜሉን ስትሞላ 10 ሰዓት ይሆናል። እሑድ በአራት ሰዓት እንቅልፍ ልብስ ታጥባለች፣ ምሳ ትሠራለች፤ እሱ ጠዋት ኳስ ሊያይ ወጥቶ እንግዳ ይዞ ይመለሳል። መከፋቱ «አልወደውም» አይደለም፤ «የሥራ ጫና ነው» ብቻም አይደለም። ስሙ ቅዳሜ ሌሊት ነው። የሰኔንና የሐምሌን ሳምንታት ለይታ ባታይ ኖሮ የሰኔው ድካም ይህን ይሸፍነው ነበር።

3. በበዓል ወይም በጉዞ መፈተን

ብዙ ሰው «ከከተማ ወጣ ብለን እንየው» ይላል። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሁለት ቀን ደስ ካላቸው ትዳሩ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ከተኳረፉም ፈርሷል ማለት አይደለም። ጉዞ ወጪም ድካምም አለው፣ የዕለት ተዕለቱን የሥራ ክፍፍል ደግሞ ጭራሽ አይነካም። በዓል የባሰ ነው። ዶሮውን የሚያወራርደው፣ ሽንኩርቱን የሚያቁላላውና እንግዳ የሚያስተናግደው ሰው የበዓል ዕለት ከሥራ ቀን በላይ ይደክማል፤ ስለዚህ «በፋሲካ እንኳ አልተደሰትኩም» ማለት ምንም አያረጋግጥም።

የተሻለው ፈተና ትንሽና ተራ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም በደንብ በተኙበት ቀን፣ ልጁን ለዘመድ ሰጥተው ለሁለት ሰዓት ያህል አብረው ይውጡ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግር ሄዶ ማኪያቶ ጠጥቶ መመለስ ይበቃል። ስለ ገንዘብና ስለ ልጅ አያውሩ። የሚታየው ወሬ በራሱ መምጣቱና አንዳችሁ የሌላውን ውሎ ለመስማት መጓጓታችሁ ነው።

4. ሰውነትን መርሳት

የሚከፋዎት በአጋርዎ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም ነገር? ቀድሞ የሚወዱት መዝሙር፣ ጓደኛ፣ ምግብ ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን ከዘለቀ፣ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ፣ አንዳንድ የወሊድ መከላከያም ስሜትንና የመኝታ ፍላጎትን ያውካሉ። ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ከማንኛውም የትዳር ውሳኔ መቅደም አለበት። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኑ ዕለት ለሚቀርብዎት ሰው ነግረው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

5. ቀድሞ ለዘመድና ለጓደኛ መንገር

ሽማግሌ የሚሠራው በጥፋት ላይ ነው። «ምን አደረገሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ምንም» ከተባለ «እንግዲያው ጥጋብ ነው፣ ታገሺ» ብሎ ያሰናብታል። ያን ላለመስማት ሰው ሳያስበው ጥፋት ይፈልጋል፣ ትንሹን ያገዝፋል። አንዴ ለእናት የተነገረ ጥፋት ደግሞ እናንተ ከታረቃችሁ በኋላም ከእናት ልብ አይወጣም። መዝገቡ ሳይሞላና አጋርዎ ራሱ ሳይሰማ ለሌላ አይንገሩ። ጭንቀቱን ብቻዎን መሸከም ካቃተዎት ሚስጥር ለሚጠብቅ አንድ ሰው «ደክሞኛል» ይበሉ፤ የአጋርዎን ስም ግን አያንሱ።

6. «ጭንቀት ነው» ብሎ ሁሉን መሸፈን

ይህ የመጀመሪያው ስህተት ግልባጭ ነው፤ ትዕግሥተኛ ሰዎች የሚወድቁበትም እዚህ ነው። ጫና ሰውን ያነጫንጫል፣ ያስረሳል፣ ዝም ያሰኛል። ንቀትን ግን ጫና አያስፈቅደውም። ሲናገሩ ከንፈር ማጣመም፣ በሰው ፊት ማሾፍ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ» ማለት በጎትማን ጥናቶች ከመለያየት ጋር አጥብቀው ከተያያዙት ነገሮች አንዱ ነው። በመዝገቡ ላይ ንቀት በቀላል ቀንም ከታየ፣ የሥራው ወቅት እስኪያልፍ መጠበቅ አይረዳም።

ንቀት ከሌለ ደግሞ የሚቀረው መጠየቅ ነው። ጥያቄው የሚታይ አንድ ድርጊት፣ ቀንና ተራ ይኑረው። «አንተ ለቤት ግድ የለህም» የሚለው ባህሪን መክሰስ ስለሆነ መልሱ መከራከር ነው። ከላይ ያለችው ሚስት እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «ቅዳሜ ሌሊት ውሃ ሲመጣ የምነሳው እኔ ነኝ፣ እሑድ እንቅልፍ አጥቼ እነጫነጫለሁ። ተራ እንግባ፤ የዚህን ቅዳሜ አንተ ተነሳ። በአንተስ በኩል የከበደህ ምንድን ነው?» የመጨረሻዋ ጥያቄ የግድ ናት፣ እሱም የራሱ የቅዳሜ ሌሊት ሊኖረው ይችላልና።

ከዚያ ሦስት ቅዳሜ ይጠብቁ። ከሦስቱ ሁለቱን ከተነሳና የእሑዱ ቁጥር ከ2 ወደ 5 ካደገ፣ ችግሩ የሥራ ክፍፍሉ ነበር፤ በዚያው ይቀጥሉ። ተነስቶም ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ሌላ ምክንያት አለ፤ የእሑዱን መስመሮች እንደገና ያንብቡ፣ አራተኛውንም ስህተት ይመልከቱ። እሺ ብሎ ረስቶት ከሆነ በማግስቱ ያለ ቁጣ አንዴ ያስታውሱት፣ የስልክ ማንቂያውንም እሱ ራሱ ይሙላ። ሰምቶ ካላገጠ፣ ወይም በሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ላይ እሺ እያለ ሦስቱንም ከተወ፣ አሁን የሚወራው ስለ ውሃ አይደለም። በዚያ ደረጃ የጥንዶች አማካሪ ወይም ሁለቱም የሚያከብሩት ሽማግሌ መጥራት ትርጉም አለው፤ «ምን ሆናችሁ?» ሲባሉ ቀኑን፣ የተጠየቀውንና የተመለሰውን ከመዝገቡ ላይ ማንበብ ይችላሉ።