የድሮ ቤት ቧንቧ ውኃ ውስጥ እርሳስ ካለ፣ ግድግዳ ከመፈንቀል በፊት በሦስት ጠርሙስ መለየት

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራን በመሰለ የቆየ ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ፣ ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባውን ቧንቧ በቁልፍ ጫፍ ፋቅ አድርጉት። ለስላሳ ከሆነ፣ የተፋቀው ቦታ ብርማ ሆኖ ካብረቀረቀና ማግኔት ካልያዘው እርሳስ ነው። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው። ቀላ ካለ መዳብ ነውና መጋጠሚያዎቹን ተጠራጠሩ፤ በድሮው ብየዳ ውስጥ ግማሽ ያህሉ እርሳስ ነበር። የቆዩ የናስ ቧንቧ መክፈቻዎችም እርሳስ አለባቸው።

ዋናው ሥራ እርሳሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው። የግማሽ ኢንች ቧንቧ በአንድ ሜትር ወደ 0.2 ሊትር ውኃ ይይዛል። ከሮቶው እስከ ማዕድ ቤት 15 ሜትር ከሆነ፣ መስመሩ ውስጥ 3 ሊትር ያድራል ማለት ነው። ውኃው ቢያንስ ለ6 ሰዓት ሳይነካ ይደር። ጠዋት ማንም ሳይከፍት የመጀመሪያውን ሊትር ቅዱ፤ ሁለተኛውን ሊትር ባልዲ ውስጥ ጨምሩና ሦስተኛውን በሌላ ጠርሙስ ያዙ። ከዚያ አንድ ባልዲ ሙሉ አፍስሳችሁ የመጨረሻውን ቅዱ። በየጠርሙሱ ላይ ቁጥሩን ጻፉና እርሳስ መለካት ወደሚችል ላቦራቶሪ ውሰዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 24፣ ሦስተኛው 3 ቢሆን ጥፋቱ መክፈቻው ወይም የመጨረሻዎቹ 5 ሜትሮች ላይ ነው፤ መክፈቻውን ቀይሩና ድገሙት። የመጀመሪያው 6፣ ሦስተኛው 30 ከሆነ ግን ችግሩ ወደ ሮቶው በኩል ባለው ቧንቧ ነው። አንድ ጠርሙስ ብቻ የሚያስመረምር ሰው ይህንን ሁለተኛውን ያመልጠዋል። የመጨረሻውም ከፍ ካለ ምንጩ ሮቶው ውስጥ ወይም ከዚያ በፊት ነው።

እስከዚያው ጠዋት አንድ ባልዲ አፍስሱ፤ ውኃው ለልብስ ይሆናል። ማፍላት እርሳስን አያጠፋም፣ ውኃው ስለሚተን ይልቁንም ያከማቸዋል። ለሕፃን ወተትና ለነፍሰ ጡር የሚሆነውን ከፈሰሰው በኋላ ብቻ፣ ሁልጊዜ ከቀዝቃዛው ቅዱ። የመክፈቻውን አፍ ወንፊት በየወሩ ፈታችሁ እጠቡ፤ የእርሳስ ቅንጣት እዚያ ይጠራቀማል።

የድሬ ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረው ነጭ ቅርፊት የቧንቧውንም ውስጥ ይለብሰዋል፤ ይህም እርሳሱ እንዳይሟሟ ይረዳል። ነገር ግን መዶሻ ሲያርፍበት ወይም ተቋርጦ የቆየ ውኃ በኃይል ሲመለስ ይረግፋል። ስለዚህ ውኃ ሲመለስ እስኪጠራ ድረስ አትጠጡ።

ቧንቧው ራሱ እርሳስ ከሆነ መቀየሩ ተገቢ ነው፣ ያውም ሙሉ በሙሉ። ከፊሉን ቆርጦ መዳብ መቀጠል መጋጠሚያው ላይ ዝገትን ያፋጥናል፣ ቁራጩም ቅንጣት ይለቃል። ከእርሳሱ ቀጥሎ የነበረ አሮጌ የብረት ቧንቧም እርሳስ በዝገቱ ውስጥ ስለሚይዝ አብሮ ይውጣ። የተበየደ መዳብ ግን መክፈቻው ተቀይሮም ልኩ ከ10 በላይ ካልቀረ ግድግዳ አያስፈርስም። በፒፒአር የፕላስቲክ ቧንቧ ከቀየራችሁ በኋላ ወንፊቶቹን ፈታችሁ መስመሩን በደንብ አፍስሱ፣ ሦስቱንም ጠርሙስ እንደገና አስመርምሩ።