ዲጂታል ሥዕል ሳይቆሽሽ ግሬይን እንዴት ይጨመርበታል?

የኮየ ፈጬን የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በማምሻ ብርሃን እየሣላችሁ ነው እንበል። ከኋላ ሰፊ ሰማይ፣ መሐል ላይ የሕንፃዎቹ ግድግዳ፣ ከፊት አቧራማ መንገድ አለ። ሥዕሉ ደረቅ ሲሆንባችሁ በሁሉም ላይ አንድ የግሬይን፣ ማለትም የደቃቅ ቅንጣት፣ ሌየር ትጨምራላችሁ፤ ሥዕሉ ግን ይቆሽሻል እንጂ ጥልቀት አያገኝም። ሰማዩ፣ ግድግዳውና መንገዱ አንድ ዓይነት ቅንጣት ሲነሰነስባቸው ዓይን ሩቁን ከቅርቡ የሚለይበትን ምልክት ያጣል።

መጀመሪያ ግሬይኑን አጥፉና ሥዕሉን ለጊዜው በጥቁርና ነጭ ተመልከቱት። ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳና ጥላ ያለበት ግድግዳ ተመሳሳይ ግራጫ ከሆኑ ችግሩ የብርሃንና የጥላ ልዩነት ማነስ ነው። ይህን ግሬይን አይሸፍነውም፤ ሳታስተካክሉት አትለፉ።

ቀጥሎ የግድግዳውን ግራዲየንት እዩ። ብዙዎች ከግድግዳው ቀለም ወደ ጥቁር ያሸጋግሩታል፤ ያን ጊዜ ጥላው ጥላሸት ይመስላል። በማምሻ ጥላ ውስጥ ያለ ግድግዳ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የግራዲየንቱን ጨለማ ጫፍ ሰማያዊነት ያለው ግራጫ አድርጉት።

ግሬይን በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰማዩ ነው። በ8 ቢት ፋይል እያንዳንዱ የቀለም ቻናል ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ቁመቱ 2000 ፒክሰል የሆነ ሰማይ ከ180 ወደ 200 ቢሸጋገር፣ ሃያ ደረጃዎች ያን ሁሉ ቦታ ይካፈላሉ፤ እያንዳንዱ 100 ፒክሰል ያህል ስፋት ያለው እርከን ይሆናል። ዓይን የእርከኖቹን ድንበር እንደ መስመር ያየዋል። ጥቂት ግሬይን ድንበሩን ይበትነዋል።

ለዚህ አዲስ ሌየር ክፈቱ፤ 50% ግራጫ ሙሉት፤ የሌየሩን ሁኔታ Overlay አድርጉት። ይህ ግራጫ በ Overlay ብቻውን ምንም አይለውጥም፤ የሚታየው የምትጨምሩት ቅንጣት ብቻ ነው። ቅንጣቱን በ Add Noise ፊልተር ጨምሩ፤ ከ3% ጀምሩ፤ Monochromatic የሚለውንም ምረጡ፤ ባለ ቀለም ቅንጣት በጨለማ የተነሳ የስልክ ፎቶ ያስመስለዋል። ከዚያ በማስክ ከግድግዳው ላይ አብዛኛውን አንሱት፤ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ጠርዝ ብቻ ጥቂት ተዉ። Overlay በጣም ደማቅና በጣም ጨለማ በሆነ ቦታ እምብዛም አይታይም፤ እዚያ እንዲታይ ብላችሁ መጠኑን ካበዛችሁ የሚቆሽሸው መካከለኛው ቃና ነው።

መንገዱ ግሬይን ሳይሆን የብሩሽ ቴክስቸር ይፈልጋል። ከፊት ጠጠሩና የጎማው ዱካ ጎላ ይበሉ፤ ወደ ሕንፃዎቹ ሲቃረቡ እያነሱና እየደበዘዙ ይሂዱ።

ግሬይኑን መጨረሻ ላይ፣ ሥዕሉ በሚታይበት መጠን ጨምሩት። በ4000 ፒክሰል የተጨመረ ቅንጣት ወደ 1080 ሲቀነስ በአብዛኛው ይጠፋል፤ የተረፈውንም ዝቅተኛ ጥራት ያለው ጄፔግ ወደ ካሬ ካሬ ንጣፍ ይለውጠዋል። ስለዚህ ቅጂውን አሳንሱ፤ ግሬይኑን ጨምሩ፤ በ100% እያያችሁ መጠኑን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አድርጉ፤ የሰማዩ መስመር ሲጠፋ አቁሙ።