አክሲዮንዎ ሲያብጥ፦ ድልድልን በቀን መቁጠሪያና በገደብ እንዴት እንደሚያመጣጥኑ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ጥሪታቸውን ለሦስት ከፍለውታል፦ 50 በመቶው የባንክ አክሲዮን፣ 30 በመቶው የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ፣ 20 በመቶው የቁጠባ ሒሳብ። አክሲዮኑ ሲወደድ ድርሻው ከግማሽ ያልፋል። ወደ ታቀደው ልክ መመለስ ማመጣጠን ይባላል። «ያደገውን ለምን እሸጣለሁ ልጄ?» ይሉኛል። የሚሸጡት አክሲዮኑ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ያ ባንክ አንድ ክፉ ዓመት ቢገጥመው ከታቀደው በላይ ይዞዎት እንዳይወርድ ነው።

መጀመሪያ የታቀደውን ድርሻና ገደቡን በወረቀት ላይ ያስፍሩ። የተለመደው ገደብ ከዕቅዱ 5 ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው፤ ስለዚህ 50 የታቀደለት ከ45 እስከ 55 ባለው ውስጥ ይንቀሳቀስ። ከ20 በመቶ በታች ለሆነ ድርሻ ግን 5 ነጥብ ከመጠን በላይ ሰፊ ነው። 10 በመቶ የታቀደለት ነገር ወደ 5 ሲወርድ እኮ በግማሽ ቀንሷል። ለእንዲህ ያለው የዕቅዱን ሩብ ገደብ ያድርጉ፣ ማለትም ከ7.5 እስከ 12.5።

ቀጥሎ ዋጋ መተመን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቁጠባው ግልጽ ነው። የግምጃ ቤት ሰነዱን በገዙበት ዋጋ ላይ እስከ ዛሬ ያፈራውን ጨምረው ይያዙት። አክሲዮኑን በተጻፈበት ዋጋ ሳይሆን ሰው በእርግጥ በገዛበት የቅርብ ዋጋ ይተምኑት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2025 እ.ኤ.አ. መባቻ ሥራ ቢጀምርም ገበያው ገና ቀጭን ነው፤ የመጨረሻው ዋጋ ከወራት በፊት በጥቂት አክሲዮኖች የተፈጸመ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ ስልቶች፣ በቀን መቁጠሪያ ማመጣጠንና በገደብ ማመጣጠን፣ የሚለያዩትም በዚህ ነው። በቀን መቁጠሪያ የሚሠራ ሰው ለምሳሌ በየስድስት ወሩ ቀኑ ሲደርስ ያመጣጥናል። ቀላል ነው፤ ግን ድርሻው 51 ቢሆንም ለአንዲት ነጥብ ብሎ የአገናኝ ክፍያና ግብር ይከፍላል። በገደብ የሚሠራ ሰው የሚነካው መስመሩ ሲጣስ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዋጋውን ዘወትር መከታተል አለበት። አክሲዮን በየቀኑ በሚሸጥበት አገር ይህ ያዋጣል። እኛ ጋ የምንከታተለው አሮጌ ዋጋ ስለሚሆን ገደቡ በሐሰት ሊጮህ ይችላል፣ ሳይጮህም ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ማዳቀሉን ነው፦ ለማየት ቀን መቁጠሪያ፣ ለመንካት ገደብ። ቀኑን ገንዘብ እጅ ከሚገባበት ጊዜ ጋር ያያይዙት። የግምጃ ቤት ሰነድ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን አለ፤ የ182 ቀኑን ከያዙ የሚመለስበት ቀን ራሱ የማያ ቀንዎ ይሁን። ሌላው ጥሩ ጊዜ ከጠቅላላ ጉባኤ በኋላ የትርፍ ድርሻ የሚከፈልበት ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የትርፍ ድርሻው በአክሲዮን እንዲተካ ከፈረሙ፣ ወይም ባንኩ ካፒታል ሲያሳድግ የደረስዎትን ሁሉ ከገዙ፣ ዋጋው ባይጨምርም የአክሲዮን ድርሻዎ ያብጣል።

አሁን ስሌቱን እንይ። ጎረቤቴ 400,000 ብር ይዘው ጀመሩ እንበል፦ 200,000፣ 120,000 እና 80,000። በማያው ቀን አክሲዮኑ 290,000፣ ሰነዱ 130,000፣ ቁጠባው 80,000 ሆኖ ተገኘ። ድምሩ 500,000 ነው። አክሲዮኑ 58 በመቶ ደርሷል፤ ከ55 አልፏል፣ ስለዚህ ይነካል። ሰነዱ 26፣ ቁጠባው 16 ነው፤ ሁለቱም ገደባቸውን አልጣሱም።

የአክሲዮኑ ልክ የ500,000 ግማሽ፣ 250,000 ነው። የ40,000 ብር አክሲዮን ሸጠው 20,000ውን ለሰነዱ፣ 20,000ውን ለቁጠባው ቢያደርጉ ሁሉም ዕቅዱ ላይ ይቀመጣል። ሳይሸጡ በአዲስ ገንዘብ ማስተካከልም ይቻላል። 290,000 ግማሽ እንዲሆን ድምሩ 580,000 መድረስ አለበት፤ ስለዚህ 80,000 ይጨመራል፣ 44,000 ለሰነዱ፣ 36,000 ለቁጠባው። እጥፍ መሆኑን አዩ? በአዲስ ገንዘብ ማመጣጠን ግብርና የአገናኝ ክፍያን ያስቀራል፣ ግን ጥሪቱ ትልቅ፣ የወር ቁጠባው ትንሽ ለሆነ ሰው ብዙ ወራት ይፈጃል።

መሸጥ ውድ ወይም አስቸጋሪ ከሆነ እስከ ዕቅዱ ድረስ መመለስ ግድ አይደለም። 15,000 ብቻ ቢሸጡ አክሲዮኑ 275,000፣ ማለትም 55 በመቶ ይሆንና ገደቡ ውስጥ ይገባል። ቀሪውን የሚቀጥለው የትርፍ ድርሻ በጥሬው ተከፍሎ ያስተካክለዋል።

ለሽያጭ ያቀረቡት ሁሉ ካልተሸጠ፣ ቀኑ አለፈብኝ ብለው ዋጋ አይስበሩ። የተሸጠውን መዝግበው ሰነዱንና ቁጠባውን በዚያው ልክ ያሳድጉ፤ የቀረውን በሚቀጥለው የማያ ቀን፣ በዚያን ጊዜው ዋጋ፣ እንደ አዲስ ያስሉት።