የምግቡ ስም ከፊት ይግባ

የምግብ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ የምትጭኑ፣ ርዕሱን «ዛሬ ልዩ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። ስልክ ላይ ደግሞ ረጅም ርዕስ መጨረሻው ይቆረጣል። እንዲህ ብትሉትስ?

«የዶሮ ወጥ አሰራር፦ ቁሌቱ ሳያር እንዲበስል | Doro Wot»

የመጀመሪያው ክፍል ለሚፈልገው ነው። «ቁሌቱ ሳያር» የሚለው ሳይፈልግ ቪዲዮው ለቀረበለት ሰው ነው፤ ቁሌት ያላረረበት ማን አለ? ግን ቪዲዮው ውስጥ በደንብ ካልታየ ሰው ቶሎ ይወጣል። የላቲኑ ስም ስልካቸው ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ለሌላቸው ይጠቅማል።

ከመግለጫው መጀመሪያ ላይ የሚታየው ሁለት መስመር ያህል ነው። የቴሌግራም ሊንኩን ወደ ታች አውርዱትና ይህን ጻፉ፦

«የዶሮ ወጥ አሠራር ከ1 ዶሮና ከ2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት። ቁሌቱ እንዳያር ውሃ መቼ ጠብ እንደሚደረግ 3:20 ላይ አሳያለሁ።»

«አሠራር»ን እዚህ በ«ሠ» የጻፍኩት አውቄ ነው፤ ሰው በሁለቱም ይፈልጋል።